መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በራችሁ ለምን ቀስ ብሎ ይሄዳል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ የሚደርሰን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተር የገጠምንለት ተንሸራታች በር ራሱ አይዘጋም፤ መንገዱ መሐል ቆሞ ይጠብቃል። ሪሞቱን ስትጫኑት ደግሞ እየተጎተተ ሄዶ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ የወትሮ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። «ተበላሸ እንዴ?» ብላችሁ ትደውሉልናላችሁ። አልተበላሸም። እንዲህ እንዲሠራ ያስተካከልነው እኛ ነን፤ ለምን እንደሆነ በዚህ ደብዳቤ እናስረዳችኋለን።

5 ሜትር ርዝመትና 400 ኪሎ ክብደት ያለው በር እንውሰድ። በሰከንድ 16 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በሩ መዝጋት በጀመረ በ12ኛው ሰከንድ መብራት ጠፋ እንበል። 2 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ ማለት ነው። የት እንደደረሰ የሚያውቀው ኮንትሮል ቦርዱ ነው፤ የሚያውቀውም የሞተሩን ዙር እየቆጠረ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ቆጠራው ይቋረጣል። አንዳንድ ቦርድ የመጨረሻውን ቁጥር ያስቀምጣል፤ ይህ ግን ብዙም አያስተማምንም። መብራት በሌለበት ሰዓት አንድ ሰው ሞተሩን በቁልፍ አላቅቆ በሩን በእጁ ገፍቶት ሊሆን ይችላል። ቦርዱ «ገና 3 ሜትር ይቀረኛል» ብሎ በሙሉ ፍጥነት ሲነሳ በሩ በእውነቱ ከምሰሶው ግማሽ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ምሰሶውን ይመታዋል። ስለዚህ ቦርዱ መብራት ሲመለስ የት እንዳለ እንደማያውቅ ሆኖ እንዲነሳ አድርገነዋል። በዝግታ ይሄዳል፣ ጫፍ ላይ ሞተሩን የሚያቆመውን ሊሚት ስዊች ሲያገኝ «ጫፉ እዚህ ነው» ብሎ ቆጠራውን እንደገና ይጀምራል።

ራሱ የማይዘጋበትም ምክንያት አለ። መብራት በጠፋበት ጊዜ ሰው በተከፈተው ክፍተት ይመላለሳል፣ ዕቃ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱም ጎንበስ ብሎ ሐዲዱን ያያል። በዚህ መሐል መብራት መጥቶ በሩ ያለማንም ትእዛዝ ቢነሳ ማንም አልተዘጋጀም። አንዳንድ ቦርድ ላይ «መብራት ሲመለስ ዝጋ» የሚል ምርጫ አለ። እኛ በገጠምናቸው በሮች ሁሉ ላይ አጥፍተነዋል፤ አብሩልን ብትሉንም አናበራውም።

ሊሚት ስዊቹ ራሱ ቀላል ነገር ነው። በሩ ላይ በታሰረው ጥርስ ብረት ሁለት ጫፎች አንዳንድ ቅንፍ ወይም ማግኔት አለ፤ ያ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ስዊቹ ይነካና ሞተሩ ይቆማል። በሩ ወዲያው ስለማይቆም፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ተንሸራቶ ሳይጋጭ የሚቆምበት ቦታ ትተን ነው ቅንፉን የምናስረው። ዋናው ነገር ግን ሽቦው የሚገናኝበት መንገድ ነው። በሩ መንገድ ላይ ሳለ ስዊቹ እንደተዘጋ ይቆያል፣ ጫፍ ሲደርስ ይከፈታል። ይህ ተገልብጦ ቢሠራ ኖሮ፣ አይጥ የበላው ወይም የዛገ ሽቦ ለቦርዱ «ገና አልደረስክም» ይለው ነበር፤ በሩም ሞተሩ እስኪቃጠል ምሰሶውን ይገፋ ነበር። በእኛ አሠራር የተበጠሰ ሽቦ «ደርሰሃል» ነው የሚለው፤ በሩ ይቆማል፣ እናንተም ትደውላላችሁ። ሁለቱ ስዊቾች በአንድ ጊዜ ተከፍተው ከታዩ ደግሞ ቦርዱ ስህተት መሆኑን ያውቃል፤ በር በአንድ ጊዜ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሊሆን አይችልምና።

ቅንፉን የያዘው ብሎን በንዝረት ሲላላ ቅንፉ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። በሩ ሲቆም ድሮ የማትሰሙት የ«ጓ» ድምፅ ካለ፣ ወይም የማቆሚያው ጎማ ላይ አዲስ የመመታት ምልክት ካያችሁ፣ ሊሚት ስዊቹ እየዘገየ ነው።

አሁን ደንበኞቻችን ብዙ ጊዜ የማያስቡት ጉዳይ ላይ ደረስን። መብራት ሲጠፋና ሞተሩ በቁልፍ ሲላቀቅ እስካሁን ያልነው ሁሉ የለም። ሊሚት ስዊች የሚያቆመው ሞተርን እንጂ በርን አይደለም። በእጅ የተገፋ 400 ኪሎ በር ከላይ ከያዘው ድጋፍ አልፎ ከወጣ ይወድቃል፤ የወደቀ በር ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በሐዲዱ ሁለት ጫፍ መሬት ላይ ወይም ምሰሶ ላይ በጥብቅ የተበየደ ማቆሚያ ብረት ሳይኖር ሞተር አንገጥምም። «ሊሚት ስዊች አለው አይደል? ለምን ተጨማሪ ወጪ?» የሚል ደንበኛ ያጋጥመናል። መልሳችን ይኸው ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሞተሩ ሲላቀቅ በሩ ማንም ሳይገፋው ቁልቁል ስለሚሮጥ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መጀመሪያ ሐዲዱ ካልተስተካከለ ሥራውን አንቀበልም።

መሰናክልን ወደ መለየት እንምጣ። በመግቢያው ግራና ቀኝ ያሉት ትናንሽ ሳጥኖች ፎቶሴል ይባላሉ። አንዱ የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጨረሩ ሲቋረጥ የሚዘጋው በር ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህም ሽቦው እንደ ሊሚት ስዊቹ ነው፤ ፎቶሴሉ ኃይል ካጣ ወይም ሸረሪት ፊቱ ላይ ድር ካደራበት ቦርዱ «ሰው አለ» ብሎ ነው የሚወስደው። በሩ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም። ከሚደርሱን የ«አልዘጋ አለ» ጥሪዎች ብዙዎቹ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ የሚያልቁ ናቸው። የፎቶሴሉን ሽቦዎች ቦርዱ ላይ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ «ሠርቷል» የሚል ባለሙያ ከመጣባችሁ አትፍቀዱለት። በሩ በእርግጥ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚዘጋው ዕውር ሆኖ ነው።

ፎቶሴል የሚያየው አንድ መስመር ብቻ መሆኑንም እወቁ። ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ተገጥሞ ከሆነ የጭነት መኪና የፊት ጎማ ጨረሩን ይቆርጣል፤ ከዚያ ጨረሩ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ከሆዱ ሥር በነፃ ያልፋል። ቦርዱ መኪናው አልፏል ብሎ ያስባል። ረጅም መኪና የሚገባበት ግቢ ስለዚህ ከፍ ብሎ የሚገጠም ሁለተኛ ጥንድ ያስፈልገዋል።

ፎቶሴሉ ያላየውን ማወቅ ያለበት የሞተሩ የጉልበት ገደብ ነው። በሩ ዕቃ ሲነካ ሞተሩ የሚስበው ከረንት ይጨምራል፤ ቦርዱ ይህን አይቶ ያቆማል፣ ትንሽም ወደ ኋላ ይመልሳል። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 12453 በበሩና በምሰሶው መካከል ባለው የመጨረሻ 50 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ ግፊቱ ከ400 ኒውተን እንዳያልፍ፣ በ0.75 ሰከንድ ውስጥም ከ150 ኒውተን በታች እንዲወርድ ይጠይቃል። 400 ኒውተን የ40 ኪሎ ክብደት ያህል ግፊት ስለሆነ ቀላል አይደለም፤ ለዚህ ነው ጊዜው እንዲህ ያጠረው።

ይህን ገደብ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው። ሐዲዱ ውስጥ ጠጠርና አፈር ሲሞላ በሩ ይከብዳል፣ ቦርዱም በባዶው መሰናክል ያገኘ መስሎት ይቆማል። አንድ ሰው ሣጥኑን ከፍቶ የጉልበቱን ማስተካከያ ከፍ ያደርጋል፤ በሩም መሄድ ይጀምራል። ጠጠሩን አሸንፎ የሚያልፍ ጉልበት ግን የልጅን ክንድም አሸንፎ ያልፋል። ትክክለኛው መንገድ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ሞተሩን አላቅቆ፣ በሩን በእጅ መግፋት ነው። ካልቀለለ ችግሩ ሐዲዱ ወይም ጎማዎቹ ናቸው፤ መጠገን ያለበትም እሱ ነው። ገደቡን ለመፈተን ባዶ ካርቶን ምሰሶው አጠገብ፣ ከፎቶሴሉ ጨረር ውጭ አስቀምጡና በሩን ዝጉ። ነክቶ መመለስ አለበት፤ ካርቶኑን ከጨፈለቀው ጥሩን። በእጃችሁ ወይም በእግራችሁ ግን በፍጹም አትሞክሩ።

ባትሪ ያስገጠማችሁ ደንበኞች ይህን ልብ በሉ፤ መብራት ጠፋ ማለት በሩ ኃይል የለውም ማለት አይደለም። ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጡታል፣ ሪሞት የነካ ሰው ያንቀሳቅሰዋል። ሞተሩን ከማላቀቃችሁ ወይም ጥርስ ብረቱ አጠገብ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ፣ የባትሪውንም ሶኬት ንቀሉ። በተቃራኒው ለብዙ ቀን ከቤት ስትወጡ ብሬከሩን ብቻ አጥፍታችሁ ባትሪውን አትተዉ፤ ቦርዱ ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል፤ ባዶ ሆኖ የቆየ የሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ ወደ ቀድሞ አቅሙ አይመለስም። ባትሪው መድከሙን ለማወቅ ብሬከሩን አጥፍታችሁ በሩን በተከታታይ ክፈቱ፣ ዝጉ፣ እንደገና ክፈቱ። በሁለተኛው ላይ ጉልህ ሆኖ ከዘገየ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል።

ባትሪው ሊያልቅ ሲል በሩ የመጨረሻውን ኃይሉን ለምን እንዲያውለው ነው የምትፈልጉት? ከፍቶ ክፍት ሆኖ ይቆይ ወይስ ተዘግቶ ይቆይ? ይህን እኛ ልንወስንላችሁ አንችልም። ግቢው ሌላ የእግር መውጫ ከሌለው እሳት ቢነሳ መውጫችሁ ይህ በር ብቻ ስለሆነ ክፍት እንዲሆን እንመክራለን። ሌላ መውጫ ካላችሁና ንብረት የሚያሳስባችሁ ከሆነ ተዘግቶ ይቆይ ማለት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የጥገና ጉብኝት ባለሙያችን ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠይቃችኋል፦ ሌላ መውጫ አላችሁ ወይ፣ የማላቀቂያው ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው፣ ከቤተሰቡ ማን ማን ሊጠቀምበት ይችላል። ቁልፉ ቤት ውስጥ ብቻ ካለ፣ እናንተም ውጭ ሆናችሁ መብራቱ ከጠፋና ባትሪውም ካለቀ መግቢያ የላችሁም፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ከግቢ ውጭ ከምታምኑት ሰው ዘንድ አስቀምጡ። በመልሳችሁ መሠረት ቦርዱን እናስተካክላለን፤ በእጅ ማላቀቁንም ቢያንስ ሁለት ሰው በፊታችን እንዲሞክር እናደርጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የበር ገጠማና ጥገና ክፍል