ከፎቶው ላይ የምናጠፋውና የማንነካው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ቤት ለምትሸጡ፣ ለምታከራዩና ለምታሻሽጡ ደንበኞቻችን በሙሉ፤

እንደምን ከረማችሁ? ከደሴ ነው የምንጽፍላችሁ፤ ኮምቦልቻና ሐይቅ ያላችሁትንም ይመለከታል። ሰሞኑን የቤት ፎቶ ስናስረክብ «ይቺን ሽቦ ብታጠፉልኝ»፣ «መኪናው ባይታይ»፣ «ግንቡን ትንሽ ብታሳምሩት» የሚል ጥያቄ በዝቷል። ከፊሉን በደስታ እንሠራለን። ከፊሉን ግን ክፍያ ቢጨመርም አንሠራም። በስልክ ለየአንዳንዱ ስናስረዳ አንዱ ሲገባው ሌላው ቅር ስለሚለው፣ አንዴ በደንብ እንጻፈውና ለሁላችሁም ይድረስ ብለን ነው።

መለያችን ቀላል ነው። ቤቱ ተሽጦ ቁልፍ ሲረከብ ሻጩ ይዞት የሚሄደው ነገር ከፎቶው ሊጠፋ ይችላል። ለገዢው የሚቀረው ይቆያል። ሶፋ ላይ የተከመረ ልብስ፣ ጄሪካን፣ የልጆች ብስክሌት፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ በርበሬ፣ እነዚህን እናጠፋለን። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቤተሰብ ፎቶማ ባትነግሩንም እናጠፋዋለን፤ የልጆቻችሁ ፊት በየቴሌግራም ቻናሉ መዞር የለበትም። የቆርቆሮው ዝገት፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ ኮርኒሱ ላይ ውሃ የሠራው ቡናማ ምልክት፣ የጎረቤት ፎቅ፣ በር ላይ የቆመው ምሰሶ ግን ከቤቱ ጋር አብረው የሚሸጡ ናቸው። አንነካቸውም።

ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም። ምክንያቱም አንድ ነገር ከፎቶ ላይ ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ በሌላ ነገር ይሞላል። ፎቶሾፕ ከጎንና ከጎን ያለውን ቀለም፣ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ እየቀዳ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ሰማይ ላይ ያለች ሽቦ ስትጠፋ ከጀርባዋ ሰማይ እንዳለ ስለምናውቅ ያንን መድፈን ቀላል ነው። ግንብ ተጠግቶ የቆመ ሚኒባስ ሲጠፋ ግን ከጀርባው ያለውን ግንብ አላየነውም። ኮምፒውተሩም አላየውም። ከግራና ከቀኝ ያለውን ደህና ግንብ ቀድቶ ይለጥፋል፣ ገዢውም ያልነበረ ግንብ ያያል። ስለዚህ ሁለተኛው መለያችን ይሄ ነው፦ ከጀርባው ያለውን ሳናይ አንሞላም።

አንድ ቤት ይዘን እንየው። ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ዳገት ላይ የተሠራ ጂ+1 ነው። ባለቤቱ ለመሸጥ ቸኩለዋል። ከመንገዱ ማዶ ሆነን ስናነሳው ፎቶው ውስጥ ያልገባ ነገር የለም ማለት ይቻላል፦ በሩ ላይ ባጃጅ፣ ከግንቡ ጎን ሚኒባስ፣ የአሸዋ ክምር፣ ሰገነቱ ላይ የልብስ ገመድ፣ ከላይ ደግሞ የሽቦ ዓይነት።

ባጃጁ ቀላል ነበር። ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያው ላይ ሳይነቃነቅ እንዳለ ሹፌሩን ጠብቀን፣ ሲንቀሳቀስ ያንኑ ፎቶ ደግመን አነሳን። ከዚያ ሁለቱን ፎቶዎች ደርበን ባጃጁ የነበረበትን ቦታ ብቻ ከሁለተኛው ፎቶ ወሰድን። ይሄ ፈጠራ የለውም፤ በሩም ኮብልስቶኑም ያየነው ነው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰውና መኪናም በዚሁ ዘዴ ይጠፋል። የአሸዋው ክምር የባለቤቱ ስለነበር ተነስቶ እስኪያልቅ ጠበቅን እንጂ በኮምፒውተር አልነካነውም፤ እንዲህ ማድረጉ ሁልጊዜ ይሻላል።

ሚኒባሱ ላይ ነው ጉዳዩ የመጣው። «አጥፉት በቃ፣ የጎረቤት ነው፣ ነገ አይኖርም» አሉን። መኪናው እንደሚሄድ እኛም አልተጠራጠርንም። ግን ከጀርባው ምን እንዳለ ማየት ፈለግን። ጎረቤት ተጠርቶ መኪናው ሲነሳ ከጀርባው ያለው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ መሐሉ ላይ ሆዱን ገፍቶ ወጥቷል። የደሴ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ዳገት ላይ ያለ ግንብ ከጀርባው ውሃ ሲጠራቀምበትና ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ሲያጣ፣ እርጥቡ አፈር እየከበደ ይገፋዋል። ግንቡ መጀመሪያ ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲበረታ ደግሞ ሊናድ ይችላል። መኪናውን በኮምፒውተር አጥፍተን ቢሆን ኖሮ ቀጥ ያለ ጤነኛ ግንብ ሠርተን እናስቀምጥ ነበር። ማንም ሳያስበው ትልቁ ጉድለት ይሸፈን ነበር። ባለቤቱም ራሳቸው ግንቡን ልብ ብለው አላዩትም። ፎቶው ግንቡ እንዳለ ወጣ፣ ማስታወቂያውም ላይ «የድጋፍ ግንቡ ጥገና ይፈልጋል» የሚል ተጻፈበት።

አሁን ወደ ሽቦው። ብዙ ጭቅጭቅ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም እናድርገው።

ሽቦ ሁሉ አንድ አይደለም። እዚያ ቤት ላይ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው ለግንባታ ጊዜ ከመስኮት ወደ ግቢ የተዘረጋ ጊዜያዊ መስመር ነው፤ ባለቤቱ የሚነቅሉት ስለሆነ እናጠፋዋለን፣ የልብስ ገመዱንም እንደዚያው። ሁለተኛው ከምሰሶ ተነስቶ ቆጣሪው ድረስ የሚገባው የቤቱ መስመር ነው። ይሄ የፊት ለፊቱን መስኮት በሰያፍ ስለሚያቋርጠው ፎቶውን ያበላሻል፤ እናንተን የሚያናድዳችሁም ይኸው ነው፣ እንረዳችኋለን። ግን አናጠፋውም። ለነገሩ የቤቱ የራሱ ቆጣሪና መስመር መኖሩ ለገዢ ደስ የሚል ነገር ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደን፣ ካሜራውን ዝቅ አድርገን፣ ሽቦው በመስኮቱ ሳይሆን በሰማዩ በኩል እንዲያልፍ አድርገን እናነሳለን። በአብዛኛው ይበቃል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ምሰሶው አናት ላይ፣ ስኒ በሚመስሉ ነገሮች ላይ የታሰሩ ሦስት ባዶ ሽቦዎች ካያችሁ እሱ የሰፈሩ ከፍተኛ መስመር ነው። በአገራችን ከተሞች ይሄ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ ቤት ውስጥ የሚገባው 220 ነው። በዚያ ቤት ላይ ይሄ መስመር በሰገነቱ ጥግ በኩል ያልፋል። ሰማይ ላይ ስለሆነ ማጥፋቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ያምራልም። ግን ገዢው ሰገነቱን አይቶ «አንድ ፎቅ እጨምርበታለሁ» ብሎ ሊገዛ ይችላል። ሲመጣ መስመሩ ፎቁ በሚያርፍበት ቦታ ጥግ ላይ ነው። መስመር ማዛወር ማመልከቻ አለው፣ ወጪ አለው፣ መጠበቅ አለው፤ አልፎ አልፎም ጨርሶ አይሆንም። ትራንስፎርመርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እነዚህ አይጠፉም። ከጥሩ አንግል አንስተን ከፎቶው ቢወጡ እንኳ፣ ከምናስረክባችሁ ፎቶዎች ቢያንስ አንዱ መስመሩን በግልጽ የሚያሳይ ይሆናል። ያንን አንዱን ፎቶ ቀንሳችሁ እንዳትለጥፉ አደራ እንላለን። ካሜራ ወደ ጎን በማዞር መደበቅም ከማጥፋት አይለይም።

መኪና ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ከቤቱ ፊት ለፊት ጋራዥ ካለና በየቀኑ መኪና የሚደረደርበት ከሆነ መኪኖቹን አናጠፋም። የዚያን ቀን የቆመችው መኪና ትሄዳለች፣ ነገ ግን ሌላ ትመጣለች። ገዢው በሩ ላይ መኪና ማቆም ይችል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ታርጋ ብቻ እናደበዝዛለን።

አንዳንዶቻችሁ «ሌላ ቦታ ያጠፉልኛል» ብላችሁናል። ይችላሉ፣ አዎ። ግን የዛሬ ገዢ ፎቶ ያጎላል። ምሰሶው ጠፍቶ ጥላው መንገዱ ላይ ቀርቶ ይታያል። መኪናው ጠፍቶ ምስሉ በመስኮቱ መስታወት ላይ ይቀራል። ሽቦው አየር ላይ ብጥስ ይላል፣ የቆርቆሮው መስመር ተመሳሳይ ዝገት ሁለት ሦስት ቦታ ይደግማል። አንዷን ያየ ገዢ ሌላውንም ሁሉ አያምንም፤ እውነተኛው ሳሎን እንኳ ውሸት ይመስለዋል።

የኛ አካባቢ ገዢ ደግሞ ብዙው ሩቅ ነው። ጂዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ሆኖ በፎቶ አይቶ፣ ወንድሙን ወይም አክስቱን ልኮ ቀብድ የሚያስይዝ ነው። ያቺ ብር በስንት ድካም እንደተጠራቀመች የማናውቅ የለንም፤ ከየቤታችን የሄደ ሰው አለ። በፎቶ ያታለልነው ሰው የማናውቀው ባዕድ አይሆንም፤ የጎረቤታችን ልጅ ነው የሚሆነው።

ሕጉም አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አንዱ ወገን በተንኮል ሌላውን አሳስቶ ያስፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል (አንቀጽ 1704)። ፎቶውን ያስተካከለው እኛ ብንሆንም ቤቱን ሸጦ የሚጠየቀው ሻጩ ነው፤ ይሄን ስለ እናንተም ብለን ነው የምናነሳው። በሌላው ዓለምም ነገሩ እየጠበቀ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በኮምፒውተር የተለወጠ የቤት ፎቶ ተለውጧል ተብሎ እንዲነገርና ያልተነካው ፎቶ ለገዢ እንዲቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አለ። እኛ አገር ይሄ ግዴታ ነው አንልም፤ ግን አሠራሩ ስለተስማማን ወስደነዋል። ከአሁን በኋላ ዕቃ ወይም መኪና ያጠፋንበት ፎቶ ሁሉ ጥግ ላይ «ፎቶው ተስተካክሏል» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ይኖረዋል። ያልተነካውንም አብረን እንሰጣችኋለን፣ ገዢ ሲጠይቅ አሳዩት።

ብርሃን ማስተካከል፣ ያዘነበለውን ግድግዳ ማቅናት፣ ጨለም ያለውን ክፍል ማብራት ከዚህ ጋር አይቆጠርም። ዓይን የሚያየውን ካሜራው ስላላገኘው ነው የምናደርገው። ክፍሉን ከልኩ በላይ ሰፊ የሚያስመስል ሌንስ ግን አንጠቀምም፤ የክፍሎቹን ስፋት በሜትር ጻፉልን፣ ፎቶው ሥር እናስገባዋለን።

ከቀጠሮው ቀን በፊት እናንተ የምታግዙን ነገር አለ። መኪና ያለው ጎረቤት ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ግቢውን አጽዱ፣ ልብስ አንሱ። ቤታችሁ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ካዞረ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ፤ ከሰዓት ፀሐይ ጦሳ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ ፊቱ ይጨልማል። በክረምት ጉም ካለ ደውሉልን፣ ቀኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናዛውረዋለን።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስንልክላችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው የምንልከው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። እናንተም ለገዢ ስታስተላልፉ እንደዚያው አድርጉ። አሁን በእጃችን ያለ ሥራ ያላችሁና «አይጠፋም» ያልናችሁን ነገር በዚህ ደብዳቤ አይታችሁ ሐሳባችሁን የቀየራችሁ ካላችሁ ግን ደውሉልን፤ ከሌላ አንግል በነፃ ደግመን እናነሳለን።

አክባሪዎቻችሁ፣
የፎቶ ቤቱ ባልደረቦች፣ ደሴ