የአስተውሎት ተመስጦ ውጥረትን ምን ያህል ያቀላል?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ሜዲቴሽን ወይም ተመስጦ በአምስት ደቂቃ ልምምድ «ውጥረትን ከሥሩ ይነቅላል» ይላል። በባሕር ዳር ሥነ ልቦና አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ጽሑፉን ይዘው ስለጠየቁኝ ይህን ማስተካከያ ለመላክ ተገድጃለሁ።

ማይንድፉልነስ ወይም የአስተውሎት ተመስጦ አእምሮን ባዶ ማድረግ አይደለም። ሰው ተቀምጦ ትንፋሹን ይከታተላል፤ ሐሳቡ ሲሸሽ መሸሹን ልብ ይላል፤ ራሱን ሳይወቅስ ወደ ትንፋሹ ይመለሳል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ መመለስ የድክመት ምልክት ሳይሆን ልምምዱ ራሱ ነው። መነሻው የቡድሃ እምነት ቢሆንም፣ ተመራማሪዎች በብዛት ያጠኑት ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን የ8 ሳምንት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው በየሳምንቱ ከሚሰጠው የቡድን ትምህርት ሌላ በቤት ውስጥ በየቀኑ እስከ 45 ደቂቃ ልምምድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ውጤቱን ጽሑፉ እንዳለው ከአምስት ደቂቃ መጠበቅ አይቻልም።

ዋናው ጥያቄ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለው ነው። ተማሪዎቼን በፈተና ሳምንት ስለ ውጥረታቸው ብጠይቃቸውና ከ8 ሳምንት በኋላ ደግሜ ብጠይቃቸው፣ ምንም ባይለማመዱም ብዙዎቹ ቀለል ብሏቸው አገኛቸዋለሁ። የማይለማመድ ሌላ ቡድን ጎን ለጎን ካልተለካ ፈተናው በማለቁ የመጣው እፎይታ የተመስጦ ውጤት መስሎ ይታያል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ግምገማ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ያላቸውን 47 ጥናቶች መርምሯል። ለጭንቀትና ለድብርት መጠነኛ መሻሻል ቢያገኝም፣ ለውጥረት የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነበር። ተመስጦ ከመድኃኒት፣ ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ወይም ከሌላ የሥነ ልቦና ሕክምና እንደሚበልጥም ማስረጃ አላገኘም።

ይህ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በጣና ላይ እንግዶችን ወደ ገዳማቱ የሚያደርስ አንድ የጀልባ ዘዋሪ ጎረቤቴ፣ እንግዳ በጠፋበት ወቅት የዕዳው ነገር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እየቀሰቀሰው እስኪነጋ ያቆየው ነበር። ለሁለት ወር ያህል ከተለማመደ በኋላም መንቃቱ አልቀረም፤ ነገር ግን «አሁን ስለ ዕዳ እያሰብኩ ነው» ብሎ ሐሳቡን ለይቶ ወደ ትንፋሹ ሲመለስ እንቅልፍ መልሶ ይወስደው ጀመር። ዕዳው ግን እንዳለ ነበር። እሱን ያቀለለት አበዳሪው የመክፈያ ጊዜውን ማራዘሙ ነው። ጽሑፉ ያምታታው ውጥረትን በሚቋቋሙበት መንገድና የውጥረቱን ምንጭ በማስወገድ መካከል ያለውን ይህንን ልዩነት ነው።

ጨርሶ ያልተነሳው ደግሞ ጉዳቱ ነው። ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያየው ሁሉ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ልቡ በኃይል ከመታ፣ ላብ ካጠመቀው ወይም ከራሱ የራቀ መስሎ ከተሰማው ዓይኑን ገልጦ እግሩ መሬት መርገጡን ልብ ይበል፤ ልምምዱንም ያቁም። ስሜቱ ከተደጋገመበት፣ ወይም ሳይለማመድም ቢሆን ለሳምንታት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጣ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይሂድ። ይህ ማስጠንቀቂያ በሚቀጥለው እትማችሁ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ልቦና መምህርት፣ ከባሕር ዳር