ፐርፕሌክሲቲውን ዘላችሁታል

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ኤአይ ጽሑፍ መለያዎች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን መለያዎቹ የሚጠቀሙበትን ስሌት ዘላችሁታል። መለያው ውስጥ ያለው የቋንቋ ሞዴል ቀጣዩን ቃል ሳያየው ይገምታል፤ ለሦስት ቃል 1/2፣ 1/4፣ 1/8 ዕድል ሰጠ እንበል፣ ሲባዛ 1/64፣ ሲገለበጥ 64፣ ቃሎቹ ሦስት ስለሆኑ ሦስተኛ ሥሩን ስታወጡ 4፣ ጽሑፉ ለሞዴሉ ምን ያህል ያልተጠበቀ እንደሆነ የሚለካው ፐርፕሌክሲቲ ማለት እሱ ነው። የመጨረሻው ቃል ያልተጠበቀ ሆኖ 1/512 ቢያገኝ 16 ይገባል። በርስቲነስ ደግሞ ይሄ ቁጥር ከዓረፍተ ነገር ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚዘል ነው። ማሽን ባብዛኛው ዕድሉ ከፍ ያለውን ቃል ስለሚመርጥ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይረጋል፣ ሰው ግን አንዴ አጭር አንዴ ያልታሰበ ነገር ይጽፋል። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ሞዴሉ በቃሉ ስለሚያውቀው ቁጥሩ ይወርድና «ማሽን ጻፈው» ተብሏል፣ በ1787 እ.ኤ.አ. የተጻፈው!