ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሰዎች ቃልና የዋሻው ጥያቄ

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሰዎች ሁሉ በጨለማ ዋሻ አልፈው ብርሃን እንዳዩ ይናገራሉ የሚለው አባባል መመርመር አለበት። ተመራማሪዎቹ ሳትዋንት ፓስሪቻና ኢያን ስቲቨንሰን ከሞት አፋፍ ስለተመለሱ 16 ሕንዳውያን በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ዋሻ የለም፤ በተደጋጋሚ የሚገኘው፣ የሞት መልእክተኞች ሰውየውን ወደ መዝገብ ያዥ ወስደው፣ የተፈለገው ሌላ ሰው መሆኑ ሲታወቅ እንደመለሱት የሚገልጽ ታሪክ ነው። እርግጥ 16 ሰው ጥቂት ነው።

አማኞች የነፍስ ጉዞ አንድ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ያየውን በባህሉ ቋንቋ ይገልጸዋል ይላሉ። ተጠራጣሪዎች በበኩላቸው ኦክስጅን ያጠረው የአንጎል የእይታ ክፍል ያለ ሥርዓት ሲነቃ መሐሉ የደመቀ ክብ ብርሃን ይታያል ይላሉ፤ ነገር ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋሻው በሕንዳውያኑም ዘንድ በተገኘ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናትም፣ ልባቸው ቆሞ ከዳኑ 344 ሕመምተኞች መካከል በሞት አፋፍ ያዩትን ነገር ያስታወሱት 62 ብቻ ነበሩ። ይሁንና ትዝታው ልብ በቆመበት ደቂቃ ይሁን ሕመምተኛው ሲነቃ እንደተፈጠረ ከቃሉ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ይህን አማኞችም ሊቀበሉት ይገባል እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ