የሐዋሳው ሱቅ ዕቅድ በአንድ ገጽ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሐዋሳ ልንከፍት ያሰብነውን የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ዕቅድ አንቺ በአንድ ገጽ እንድትጽፊው አጎቶችሽም ተስማምተዋል። ምን ምን መግባት እንዳለበት ከነምክንያቱ ልንገርሽ።

ከመዋጮው ጀምሪ። አራት ቤተሰብ ነን። እያንዳንዱ በወር 250 ዶላር ለሁለት ዓመት ቢያስቀምጥ 6,000፣ በድምሩ 24,000 ዶላር ይሆናል። የእያንዳንዱን ድርሻ በቤተሰቡ ወረቀት ላይ በዶላር ጻፊው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሰኔ ላይ የላከና ነሐሴ መጨረሻ ላይ የላከ ሰው እኩል ዶላር አውጥተው፣ በብር ሲቆጠር ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ሊጠጋ ምንም ያህል አይቀረው። የወንድማማች ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ በባንክ ብቻ ይላክ፣ ደረሰኙም ይቀመጥ። በጥቁር ገበያ ጥቂት ብር ቢተርፍም ማን ስንት እንዳስገባ የሚመሰክር ወረቀት አይኖርም።

ቀጥሎ ገንዘቡ የት የት እንደሚሄድ። 12,000 ዶላሩ ለዕቃ፣ 5,000 ለኪራይ ቅድሚያ ክፍያ፣ 3,000 ለመደርደሪያ፣ ለፍሪጅና ለሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ይሁን። የቀረው 4,000 እስከ ስድስተኛው ወር አይነካም። ብዙ ሱቅ የሚወድቀው ገንዘቡ በመስታወትና በጌጥ አልቆ መደርደሪያው ሲሳሳ ነው። ደንበኛ ስኳር አጥቶ አንዴ ከተመለሰ ሳሙናውንም ከጎረቤት ሱቅ ይገዛል።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት ልምጣ። ኪራይ በወር 35,000 ብር፣ የአክስትሽ ደመወዝ 15,000፣ የረዳት 7,000፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለመብራትና ለጥበቃ 8,000 ብንል 65,000 ብር ወጪ አለ። ከመቶ ብር ሽያጭ 10 ብር ከተረፈ፣ ወጪውን ብቻ ለመሸፈን በወር 650,000 ብር መሸጥ አለበት። በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 25,000 ብር ነው። ትርፉ ወደ 8 ብር ከወረደ ቁጥሩ 31,250 ይደርሳል። ይህን የቀን ቁጥር በደማቁ ጻፊው፤ አክስትሽ ማታ ሒሳብ ሲዘጉ የሚያስተያዩት ከእሱ ጋር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከታች ከሆነ ኪራዩ ለቦታው ከብዷል ማለት ስለሆነ፣ ሌላ ዶላር ከመላክ በፊት ቦታው ይታሰብበት።

የዋጋ ንረትን ነገር ከልብ እዪው። ባለ አምስት ሊትር ዘይት በ1,000 ብር ገዝተን በ1,100 ብንሸጥ፣ ሃያው ሲያልቅ 22,000 ብር በእጃችን ይገባል፤ ወረቀቱም 2,000 ብር አተረፋችሁ ይላል። ጅምላ አከፋፋዩ ግን ዋጋውን 1,150 ካደረሰው በዚያ ብር የሚገዛው 19 ብቻ ነው። ኪራይ ገና ሳይከፈል አንድ ዘይት ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ በወር አንዴ ዕቃው በቁጥር ይቆጠር። ብሩ እየጨመረ የካርቶኑ ብዛት ከቀነሰ ሱቁ ካፒታሉን እየበላ ነው። የመሸጫ ዋጋም የሚወጣው በአዲሱ የጅምላ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው።

የአክስትሽ ደመወዝ የግድ ይጻፍ። ቤተሰብ ናቸው ተብሎ ደመወዝ ካልተቆረጠላቸው ለቤታቸው የሚያስፈልገውን ከመደርደሪያው ማንሳታቸው አይቀርም፤ በዚህም እሳቸውን መውቀስ አይቻልም። ዱቤም ጣሪያ ይኑረው፤ ለምሳሌ ለአንድ ሰው 1,000 ብር፣ ያለፈውን ሳይከፍል አዲስ የለም።

ሱቁን በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ብናቋቁመው ድርሻችን በሕግ ይታወቃል፤ ዝቅተኛው ካፒታልም 15,000 ብር ብቻ ነው። ነገር ግን ማህበር የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ስለሆነ ሒሳብ መያዝና ከትርፉ 30 በመቶ መክፈል ግዴታው ነው። የሒሳብ ሠራተኛውን ወጪ ውስጥ ያስገባሁት ለዚህ ነው። አንቺ አሜሪካዊት ስለሆንሽ ቢጫ ካርድሽ ቀድሞ ይውጣ። በኤምባሲ የምንሰጠው ውክልና እያንዳንዱን ሥራ በስሙ ይጥራ፦ መመሥረቻ ጽሑፍ መፈረም፣ ንግድ ፈቃድ ማውጣት፣ ኪራይ መዋዋል፣ ግብር መክፈል። ያልተጻፈ ነገር ካለ አገር ቤት ሰነዶች ማረጋገጫ ሲደርስ ይመለሳል፤ ዋስ መሆን፣ መበደርና ድርሻ መሸጥ ደግሞ አይካተቱ።

የኪራዩንና የጅምላውን ዋጋ አክስትሽ ዞረው ጠይቀው እስኪልኩልሽ ድረስ የእኔን ቁጥሮች በእርሳስ ጻፊያቸው።

እናትሽ