ስለ እናታችን መርሳት ለእህቴ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው እሑድ ስንደዋወል እናታችን «ብርዱ እንዴት ነው?» ብለው በአንድ ጥሪ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ አንቺም «እርጅና ነው፣ አትጨነቅ» አልሽኝ። እኔ ግን እዚህ በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ ስድስት ዓመት ስለሆነኝ ነገሩን በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ዓምና የክርስትና ልጃቸው ስም ጠፍቶባቸው ሲብሰለሰሉ ውለው ማታ ራት ላይ እንዳስታወሱት ነግረሽኝ ነበር። ያ የዕድሜ መርሳት ነው፤ የተረሳው ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል፣ ሰውየውም መርሳቱን ራሱ ያውቀዋል። አሁን ግን «ቅድም ጠይቀውኛል» ስላቸው መጠየቃቸው ራሱ ትዝ አላላቸውም። ከዚህም ይበልጥ ያሳሰበኝ የቡናው ነገር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ እናት የቆሉትን ሳይወቅጡ ጀበናው ውስጥ ከጨመሩና ምን እንደጎደለ ካልታወቃቸው፣ የለመዱት ሥራ ቅደም ተከተል እየጠፋባቸው ነው ማለት ነው፤ ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት በሽታ ሲጀምር ብዙ ጊዜ እንዲህ ይታያል።

ይሁንና የበሽታውን ስም እኛ አንስጠው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መታወክ፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒትም ይህንኑ ሊያስመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሕክምና አላቸው። ስለዚህ ያየሽውን ሁሉ ከነቀኑ በደብተር ጻፊና የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። መደናገሩ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ቢብስ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።

ቤቱን በተመለከተ ከሁሉ አስቀድመሽ ጓዳ ግቢ። በረኪናውንና ነጭ ጋዙን በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው፤ በሽታው ካለባቸው ግን ጠርሙሱን አይተው ውኃ ነው ብለው ይጠጡታል፣ ሽታውም ላያስጠነቅቃቸው ይችላል። ዛሬውኑ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አስገቢው፤ መድኃኒታቸውንም እንዲሁ። የቡታጋዙን ሲሊንደር ከተጠቀምሽ በኋላ ምድጃው ላይ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከሲሊንደሩ ዝጊው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይለኩሱ፤ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ይቀራል። ቡና ማፍላቱን ግን አትከልክያቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ሙቀጫውን አቀብያቸው።

ሌሊት ወደ ውጭው መጸዳጃ ቤት ስለሚወጡ በመተላለፊያው መብራት ይደር፣ ከበሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ አንሺው፣ ዕቃውንም ከለመዱበት ቦታ አታዘዋውሪ። ቤት ብቻቸውን ትተሽ ከውጭ አትቆልፊባቸው፤ እሳት ቢነሣ መውጫ ያጣሉ። ከዚያ ይልቅ የግቢው በር ላይ ቃጭል አንጠልጥይ፣ ስልክ ቁጥርሽንም ጽፈሽ በቀሚሳቸው ውስጥ በኩል ስፊው።

የሐኪሙን ቃል እንደሰማሽ ደውይልኝ፤ የምርመራውን ወጪ በዚህ ሳምንት እልካለሁ።

ናፋቂ ወንድምሽ