ስማችን «ዘጠና ሦስት» ሆኗል፤ እናመሰግናለን

ውድ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ አልተርክላችሁም። ክበባችን ስንት ጊዜ ሊዘጋ እንደነበር አብራችሁን አይታችኋል። ዛሬ ግን ስም ይዘን መጥተናል። የሳይንስ ክበባችን ከአሁን በኋላ «ዘጠና ሦስት» ይባላል። አትሳቁ፣ የታክሲ ቁጥር አይደለም።

ምስጋናዬ ከላብ ጋሼ ይጀምራል። ስሜን እንዳትጠሪ ብለውኛል፤ እሺ ብያለሁ። ያን ቀን ውሃ አፍልተን ስንለካ ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆመ። መጽሐፉ 100 ይላል። ውሃው ይንተከተካል፣ ቀዩ መስመር ግን ንቅንቅ አይልም። ተበላሽቷል ብለን ሌላ አመጣን። እሱም 93። እኔ እንደውም እሳቱን ጨመርኩበት! ጋሼ አልሳቁብንም። ምሳቸውን ትተው ጁስ ቤት ሄዱና በረዶ ለምነው መጡ። በጨርቅ ጠቅልለው ቀጠቀጡት፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረጉበት፣ ቴርሞሜትሩን ነከሩት። ወረደ፣ ወረደና ዜሮ ላይ ቀጥ አለ። «እዚህ እውነት ከተናገረ፣ እዚያ ለምን ይዋሻል?» አሉን። መልሱን ግን አልነገሩንም። ሦስት ቀን አስጨነቁን።

ጋሼ፣ ያ ጨርቅ እኔ ጋ ነው። አልመልስም።

ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው አየር ጋር ሲተካከል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የሚጫናት አየር ያንሳል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። ሰባት ዲግሪ ማለት ነው። «ዜሮ ላይ ልክ መሆኑ ብቻውን የላይኛውን አያረጋግጥም» ብለው ስሌቱን ያሠሩን የፊዚክስ ቲቸር ናቸው፤ እግዜር ይስጥልን። ስሌቱና ቴርሞሜትሩ ገጠሙ። ደባርቅ ብንማር ኖሮ ስማችን «ዘጠና» ይሆን ነበር።

እናቴንም ላመስግን። ንፍሮው አልበስል ሲላት እሳት ትቆሰቁሳለች። እማ፣ ከፈላ በኋላ እሳት ብታበዢ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከ93 አያልፍም። አሁን ግን ባቄላውን ማታ ትዘፈዝፋለች፤ ስለሰማሽኝ አመሰግናለሁ።

የተቀሩት መምህራን፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የጽዳት እናቶች፣ ወላጆች፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። «ፋሲል ይባል» ብላችሁ የተከራከራችሁንም ጭምር። ስሙን የዘለልኩት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ መፍላት ጀምሯል። ከፊት ያላችሁ ኑና አንብቡት። ጫፉ የማንቆርቆሪያውን ታች እንዳይነካ ያዙት፣ ያለዚያ ከፍ አድርጎ ያሳያል። የአየሩ ግፊት ከቀን ቀን ትንሽ ስለሚለዋወጥ ከ93 ጥቂት ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ስሙን አንቀይርም፤ ባነሩ ታትሟል።